አፉ አላስገደዳችሁም!

ደሴ፣ ቤታችን፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ቱርካዊው ጎረምሳ ከደረጃ ተንከባሎ ወደቀ። ግንባሩ ደማ። ፍቅረኛው እየሮጠች መጣች፣ ተንበረከከች፣ እጁን ያዘችና «ደህና ነህ?» አለችው።

እናቴ ሲኒዋን እንኳ ሳታስቀምጥ «አልሐምዱሊላህ፣ አንቺስ ደህና ነሽ? ልጆች ደህና ናቸው? በላት እንጂ!» ብላ መለሰችለት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ትዕይንቱ ግን የሐዘን ነበር። ልጁ ሊሞት ነበር እኮ!

እኔ ከዚያች ምሽት ጀምሮ ይቺ «ደህና ነህ?» አልወጣልኝ አለች። (የጣቢያውን ስም ልተወው፤ በሽታው የአንድ ጣቢያ አይደለም።) የወደቀ ሰው ደህንነቱን በሰላምታ የሚጠየቅበት አማርኛ የየት አገር አማርኛ ነው? የደሴ አይደለም። የጎንደርም የአዲስ አበባም አይደለም። የእንግሊዝኛው «አር ዩ ኦኬይ?» ነው፤ ፊደል ለብሶ የመጣ።

ዳቢንግ የሚሠራ አንድ ወዳጄን ጠየቅሁት። መልሱ እናንተም የምታውቁት ነው፦ «አፉን መምታት አለብን። ጊዜው አጭር ነው፣ ከንፈሩ ይታያል፣ ምርጫ የለንም። አፉ ነው የሚያስገድደን።»

የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከዚህች አረፍተ ነገር ጋር ነው።

እስቲ አፉን እንመርምረው። «አር ዩ ኦኬይ» አራት ክፍለ ቃል ነው። በውስጡ ከንፈር የሚገጥምበት ቦታ የለም። ከንፈር የሚገጥመው በ«መ»፣ በ«በ»፣ በ«ፐ» እና በ«ጰ» ነው፤ በ«ፈ» ደግሞ የታችኛው ከንፈር ጥርስ ይነካል። ተመልካች የሚይዝህ እነዚህ ላይ ነው። የቀሩት ድምፆች አፍ ውስጥ ስለሚሠሩ ዓይን አይለያቸውም፤ ምላስ ምን እንዳደረገ የሚያይ የለም። ከእነሱ ቀጥሎ የሚታየው የከንፈር መሾል ነው፣ እንደ «ኦ» እና «ኡ»። እናም ልጅቷ የተናገረችው አራት ክፍለ ቃል፣ ምንም ግጥሚያ የሌለው፣ መጨረሻው አካባቢ አንድ «ኦ» ያለው ንግግር ነው።

አሁን እናቴ ሰው ሲወድቅ የምትለውን ልጻፍላችሁ፦ «እኔን! ተጎዳህ?» ቁጠሩት። እ-ኔን-ተ-ጎ-ዳህ። አምስት። ከእንግሊዝኛው በአንዲት ብቻ ይበልጣል፣ ከንፈር የሚገጥም ድምፅም የለበትም። «ጎ» ላይ ከንፈር ይሾላል፣ ያውም «ኦኬይ» ከምትሾልበት ብዙም ሳይርቅ። ስለዚህ አፉ ማንንም አላስገደደም። አፉ ሁለቱንም ፈቅዶ ነበር፤ የተመረጠው ግን መጀመሪያ መዝገበ ቃላት ላይ የተገኘው ነው።

እዚህ ላይ ቻይናን ልጥራ። ለምን ቻይና ትሉኝ ይሆናል። አንደኛ፣ ኮምቦልቻ ላይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ከተከፈተ ወዲህ ከቻይኖች ጋር መጎራበት ለእኛ ወሬ አይደለም፤ ቋንቋውን ተምራ በአስተርጓሚነት የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ። ሁለተኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ሚነገር ቻይንኛ ፊልም የመገልበጥን ያህል ከባድ ነገር ማግኘት ያስቸግራል፤ እነሱ ደግሞ ሥራውን ብለው ይዘውት ኖረዋል። የሻንጋይ የፊልም ትርጉም ስቱዲዮ ራሱን ችሎ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ሥራው ፊልም ወደ ቻይንኛ መገልበጥ ብቻ ነበር። እዚያ አንድ የሥራ መደብ ነበር፦ የአፍ ቅርጽ ቆጣሪ። ይህ ሰው ተርጓሚ አይደለም፣ ተዋናይም አይደለም። ሥራው ፊልሙን ደጋግሞ እያየ የእያንዳንዱን ተናጋሪ አፍ መቁጠር ነው፦ ስንት ጊዜ ተከፈተ፣ የት ላይ ቆመና ትንፋሽ ሳበ፣ የት ከንፈር ገጠመ፣ በምን ቅርጽ ተዘጋ። ከዚያ የተርጓሚው ረቂቅ ከቁጥሩ ጋር እየተነጻጸረ እንደገና ይጻፋል። ስቱዲዮውን ለዓመታት የመራው ቼን ሹዪ ራሱ ተርጓሚ ነበር፤ እ.ኤ.አ. የ1970ውን «ጄን ኤር» ፊልም ወደ ቻይንኛ የመለሰው እሱ ነው፣ ሮቼስተርን በድምፅ የተጫወተው ደግሞ ቺዩ ዩዌፌንግ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ በቻይናውያን ዘንድ ይጠቀሳል።

ወደ ወደቀው ልጅ እንመለስ። ጓደኛዬን «አር ዩ ኦኬይን ለወደቀ ሰው በቻይንኛ እንዴት ትይዋለሽ?» አልኳት። «ኒ ሃኦ ማ እንዳትል ብቻ!» ብላ ሳቀች። ይህ ቃል በቃል «ደህና ነህ ወይ» ማለት ነው፤ ሰላምታ ነው። አያችሁ? ወጥመዱ አንድ ነው። ትክክለኛው «ኒ ሜይ ሺ ባ» ነው አለችኝ፦ «ምንም አልሆንክም አይደል» እንደማለት። ግን ችግር አለበት፤ «ሜይ» ላይና «ባ» ላይ ከንፈር ይገጥማል፣ የልጅቷ ከንፈር ግን አልገጠመም። ካሜራው ራቅ ካለ ማንም አያውቅም። ፊቷ ስክሪኑን ከሞላው ግን ሌላ ይፈለጋል፦ «ሻንግ ጃኦ ለ?»፣ «ተጎዳህ እንዴ?» ማለት፣ ያለ አንዳች ግጥሚያ። ክፍለ ቃሉ ግን ሦስት ብቻ ስለሆነ ጎተት ተደርጎ ይነገራል። ልብ በሉ፤ ቻይንኛው ማስማማት አለበት፣ ይመርጣል፣ ይሠዋል። የእኛው ግን አንዲት ክፍለ ቃል ፈጠን በማድረግ ብቻ ይገባ ነበር።

ሁልጊዜ እንዲህ ይቀናናል እያልኩ አይደለም። አማርኛ የራሱ አበሳ አለው፤ ዋናው ደግሞ ከንፈር አይደለም፣ ግሡ መጨረሻ ላይ መቀመጡ ነው። ተከሳሹ ችሎት ላይ ቆሞ «አይ ዲድንት ኪል ዩር ብራዘር!» ይላል። «ዲድንት» ላይ ራሱን ይነቀንቃል፣ ጠረጴዛውን ይመታል። ቻይንኛው ይህን በቀላሉ ይወጣዋል፤ «ዎ ሜይ ሻ ኒ ገገ»፣ አፍራሹ «ሜይ» ሁለተኛው ክፍለ ቃል ላይ ይቀመጣል፣ ልክ እንደ «ዲድንት»። እኛ ግን እንደ ሰዋስው መጽሐፍ «ወንድምህን አልገደልኩም» ካልን ሰውየው ጠረጴዛውን የሚመታው «ወንድምህን» ላይ ነው። አለመግደሉን የሚነግረን እጁን ካነሳ በኋላ ነው። ተመልካቹ «ድምፁ ዘገየ» ይላል፣ ድምፁ ግን ሴኮንድ አልዘገየም፤ የዘገየው ሐሳቡ ነው። ይህን ጉድለት ምንም ዓይነት የድምፅ መሣሪያ አያርመውም።

መፍትሔው መንገድ ላይ አለ፣ ዝም ብሎ መስማት ነው። የተናደደ ወሎዬ ሲከራከር ግሡን እስከ መጨረሻ ይዞ አይጠብቅም። «አልገደልኩትም፣ ወንድምህን!» ይላል። ግሡ ቀደመ፣ ስሙ ተከተለ፤ «አል» ከራሱ መነቅነቅ ጋር ገጠመ፤ የ«ወንድም» «ም» ደግሞ «ብራዘር» ከንፈሩን ከሚገጥምበት አካባቢ ወደቀ። የንግግር አማርኛ ይህን ነፃነት ይሰጣል። የሚከለክለው የጽሑፍ አማርኛ ነው፣ ዳቢንጋችን ደግሞ የሚናገረው የጽሑፍ አማርኛ ነው። የደብዳቤ አማርኛ! «ከዚህ በኋላ ካንተ ጋር መቀጠል አልችልም» ብላ የምትለያይ ፍቅረኛ ደሴ ፒያሳ ላይ አይቼ አላውቅም። «በቃኝ!» ነው የሚሉት። (እኔም ተብያለሁ፣ ተዉት።)

ከዚያችው አረፍተ ነገር ሳንወጣ ሌላ ጉድ አለ። «ብራዘር» ታላቅ ነው ታናሽ? እንግሊዝኛው አይናገርም። አማርኛው «ወንድምህን» ብሎ ያልፋል፣ ቻይንኛው ግን ማለፊያ የለውም፤ ታላቅ ከሆነ «ገገ»፣ ታናሽ ከሆነ «ዲዲ»። ስለዚህ ቻይናዊው አስማሚ አንዲት መስመር ለመጻፍ ድራማውን ወደ ፊት ሄዶ ማየት አለበት። እኛስ? እኛ ደግሞ «ዩ» ላይ እንወድቃለን። አንተ? አንቺ? አንቱ? እርስዎ? ሰውየው ስልክ ይዞ «ዌር አር ዩ?» ሲል ማዶ ያለው ማን እንደሆነ ሳያውቅ አማርኛ አንድ ቃል መተንፈስ አይችልም።

አሁን ወደ ቁስሉ ልግባ። እነዚህ ድራማዎች የእንግሊዝ አይደሉም፣ የቱርክ ናቸው። ግን ወደ ቋንቋችን የሚገቡት ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስክሪፕት በኩል ነው። ቱርክኛ ደግሞ «ሰን» እና «ሲዝ» አለው፤ አንተና እርስዎ። «አቢ» አለው፣ ለታላቅ ወንድምና ለሚከበር ጎረምሳ፤ «አብላ» አለው፣ ለታላቅ እህት፤ «ቴይዜ» አለው፣ አክስትም ትሁን የሰፈር እናት። ይህ ሁሉ እንግሊዝኛው በር ላይ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ ይገባል፦ «ዩ»፣ «ዩ»፣ «ዩ»፣ ወይም ባዶ ስም። ከዚያ የአዲስ አበባው ተርጓሚ ከ«ዩ» ተነስቶ ይገምታል። ውጤቱ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ አባቱ የሚሆነውን ሰው «አንተ» ብሎ በስሙ ሲጠራ መስማት ነው። ከዚያ «ባህላችንን አበላሹት» እንላለን። ቱርኩ አላበላሸውም! ቱርኩ «አቢ» ብሎ ነበር።

ይህን የነገረኝ የአጎቴ ልጅ ነው። ቱርኩ ያፒ መርከዚ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያን ባቡር መንገድ ሲገነባ ኮምቦልቻ ላይ ሠርቷል፤ ከቱርኮቹ ጋር ከሻይ ጋር የሚያስኬድ ቱርክኛ ለቅሟል። አንድ ቀን ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ ሲያይ፣ ከድምፁ ሥር ጭል የምትል የመጀመሪያዋን ቋንቋ ሰምቶ «ልጁ እኮ አቢ ነው ያለው!» ብሎ ጮኸ። እናቴ «አቢ ምንድነው?» አለች። «አያ እንደምንለው ነው፣ እማ» አላት። እሷም «ታዲያ ምን ነበረበት አያ ቢሉት?» አለች። «አቢ» ሁለት ክፍለ ቃል፣ «አያ» ሁለት ክፍለ ቃል። እውነት ነው፣ «ቢ» ላይ ከንፈር ይገጥማል፣ «ያ» ላይ አይገጥምም፤ ጉልህ ፊት ላይ ትታወቃለች። ግን ከ«አያ» እና ከባዶ ስም ለታሪኩ የሚቀርበው የትኛው ነው? እናቴን ጠይቋት።

ስለ ባህል ካነሳን ዘንድ፦ ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የቲያትርና የፊልም ሰዎቻችን ያነሱትን ተቃውሞ ታስታውሳላችሁ። ትርጉም ድራማ ባህል ይበርዛል፣ የአገር ውስጥ ሥራ ይገድላል አሉ። የእንጀራው ነገር እውነትነት አለው፣ አልከራከርም። የባህሉ ክስ ግን አድራሻ ስቷል። ሰው ሁሉ የተጨቃጨቀው ስለ መሳሳሙና ስለ አጭር ቀሚሱ ነው፤ ቋንቋውን ቃል በቃል ቁጭ ብሎ የፈተሸ ባለሙያ ብርቅ ነበር። የጸሐፌ ተውኔቶች አገር ነን እንላለን አይደል? እንግዲያው ለዳቢንግ የሚያስፈልገው ይኸው ሙያ ነበር። «አትምጡብን» ከማለት ይልቅ «ስክሪፕቱን አምጡት፣ እንዲህ አይባልም» የሚል ቢገኝ ኖሮ እንጀራም ነበረው።

ምክንያቱም የጎደለው አንድ ወንበር ነው። ተርጓሚ አለ፤ ተዋናይ አለ፤ ጎበዝ ጎበዝ ድምፆች አሉ፤ የድምፅ ቴክኒሻን አለ። በተርጓሚውና በተዋናዩ መሐል የሚቀመጥ፣ ረቂቁን ከአፉ ጋር እያስተያየ ወደ ንግግር የሚገለብጥ ሰው ብዙ ጊዜ የለም፤ ወይም ሥራው ስቱዲዮ ውስጥ ማይክሮፎን ፊት በጥድፊያ ተዋናዩ ላይ ይወድቃል። ተዋናዩ መስመሩ ሲረዝምበት ይሮጣል፣ ሲያጥርበት ይጎትታል። ያ የምናውቀው የትርጉም ድራማ አነጋገር፣ መሐሉ የሚጣደፍና መጨረሻው የሚንዘላዘል፣ ከዚህ የመጣ ነው።

አንዲት መስመር አብረን እንሥራ። ልጅቷ እናቷን በር ላይ «ሜይቢ ቱሞሮው፣ ማም» ትላለች። ፊቷ ስክሪኑን ሞልቷል። ስድስት ክፍለ ቃል፤ «ሜ» ላይ ግጥሚያ፣ «ቢ» ላይ ግጥሚያ፣ «ሞ» ላይ ግጥሚያ፣ ትንሽ እረፍት፣ ከዚያ «ማም»። ጓደኛዬ ቻይንኛውን «ሚንግ ቲየን ዛይ ሿ ባ፣ ማ» አደረገችው፤ «ነገ እናየዋለን፣ እማ»። እሱም ስድስት ነው፤ በ«ሚ» ገጥሞ ይነሳል፣ «ባ» ላይ ይገጥማል፣ «ማ» ላይ ይገጥማል። «ባ» የምትለዋ ትርጉም የላትም ማለት ይቻላል፤ ቃናዋን ብቻ ነው የምታለሳልሰው። ቻይንኛ የእያንዳንዱ ቃል ድምፅ ከፍ ዝቅ ማለት ትርጉም ስለሆነ ተዋናዩ ዜማውን እንደልቡ ማጠፍ አይችልም፤ ስሜቱ የሚወጣበት አንዱ በር እንደዚች ያለች መጨረሻ ላይ የምትለጠፍ ቃል ናት። አፍ ሲተርፍም ቀዳዳ ትሞላለች። እኛም አለን እኮ፦ «እኮ»፣ «እንጂ»፣ «እስቲ»፣ «ታዲያ»፣ «ኧረ»፣ «በቃ»። በትርጉም ድራማ ውስጥ ስንት «እኮ» ሰምታችኋል? እንግሊዝኛው ላይ ስለሌለች ተርጓሚው አያያትም።

አማርኛውስ? የተለመደው ትርጉም «ምናልባት ነገ ሊሆን ይችላል፣ እናቴ» ነው። አሥራ ሦስት ክፍለ ቃል ገደማ፤ ከእጥፍ በላይ። ልጅቷ አፏን ከዘጋች በኋላ ድምፁ ይቀጥላል፣ ወይም ተዋናይዋ እንደ ሐራጅ አጫራች ትሮጣለች። «ሊሆን ይችላል» ምን ይሠራል? «ምናልባት» ብለሃል እኮ! ውጣ በለው። «እናቴ»ንስ በር ላይ ቆሞ ማን ይላል? «ምናልባት ነገ፣ እማ።» ምዕራፉ ተዘጋ። ምናል-ባት የሚባለው በሦስት ክፍለ ቃል ነው፣ ምንም እንኳ ፊደሉ አምስት ቢሆን፤ ፊደል መቁጠር ያሳስታል፣ ሳድሱ አንዳንዴ ድምፅ የለውምና። በጠቅላላው ሰባት። በ«ም» ገጥሞ ይነሳል፣ «ባ» ላይ ይገጥማል፣ «ማ» ላይ ይገጥማል። የጎደለችው የ«ቱሞሮው» «ሞ» ብቻ ናት። እሷን ለማሳደድ ስሜቱን የሚያበላሽ አስማሚ ደሞዙ ይቆረጥ።

«ጊዜ የለንም፣ በየቀኑ አንድ ክፍል ማውጣት አለብን» ትሉ ይሆናል። እሺ። ግን ሁሉም መስመር ይህን ያህል አይጠይቅም። ጀርባውን የሰጠ ሰው፣ ሩቅ የቆመ፣ ስልክ ማዶ ያለ፣ ጺሙ አፉን የሸፈነ ሽማግሌ፣ እነዚህ ሁሉ የርዝመት ጉዳይ ብቻ ናቸው፤ አብሮ መጀመር፣ አብሮ መጨረስ፣ ሲያርፍ ማረፍ። ከንፈር የሚቆጠረው ፊት ስክሪኑን ሲሞላ ብቻ ነው። ሲጠራጠሩም ድምፁ ከአፉ ጥቂት ቢዘገይ ይሻላል፤ ቀድሞ ከተሰማ ጆሮ ወዲያው ይነቃል፣ መዘግየቱን ግን ይታገሣል።

ቆጠራው ብቻውን አያድንም፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ቻይኖቹ ራሳቸው ያን ሁሉ ቆጥረው «ይጂቺያንግ» የሚሉትን ወለዱ፤ የትርጉም ፊልም አነጋገር ማለት ነው። «ኦ፣ የኔ ውድ አሮጌ ጓደኛ» ዓይነት፣ ምድር ላይ ማንም የማይናገረው ቻይንኛ። ወጣቶቻቸው ዛሬ ይቀልዱበታል። አፉ ፍጹም ገጥሞ ቋንቋው ባዕድ ሆነ። የእኛ ደግሞ ሁለቱንም ሳያገኝ ባዕድነቱን ወረሰ፦ አንካራ ያለችው ጠበቃም፣ ተራራ ላይ ያለችው አሮጊትም፣ ሌባውም፣ ዳኛውም አንድ ዓይነት አማርኛ ይናገራሉ። የማንም ሰፈር ያልሆነ። አሮጊቷ «አብሽር» ብትል ማን ይሞታል? «ቢ ፔይሸንት» ለሚል አፍ ደግሞ ከ«አብሽር» የተሻለ ፈልጋችሁ አታገኙም፤ «ብ» አለው፣ «ሽ» አለው፣ ትርፍ ጊዜ ካለ «አብሽር፣ በቃ» ይባላል።

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ሲመጣ ያንኑ ክፍል በስልኩ ላይ አገኘውና ድምፁን ዘጋነው። ልጁ ወደቀ፣ ልጅቷ ሮጣ መጣች። እናቴን «በይ አንቺ ተናገሪላት» አልናት። አላቅማማችም። «እኔን! ተጎዳህ?» አለች፣ እጇን ወደ ስክሪኑ ዘርግታ። ልክ ገባ። ደግመን አጫወትነው፣ ደግማ አለችው፣ አሁንም ልክ ገባ። ሦስተኛው ላይ «እናንተ ልጆች፣ ልጁ ደም እየፈሰሰው እናንተ ትጫወታላችሁ?» ብላ ስልኩን ቀማችን።